ለሐይቅ ሰው ሐይቅን ማሳየት

በዓል በመጣ ቁጥር ከውጭ የሚላከውን የእንኳን አደረሳችሁ ቪዲዮ የሚያሽሟጥጡ አሉ። ልፋቱን ስላላዩ ነው። ድሮ እኮ ልጅ ስልክ ይደውላል፤ እናት «ማነው?» ትላለች፣ ታለቅሳለች፣ ስለ ዝናቡ ትጀምርና ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ ትጨርሳለች፤ ካርዱ ያልቃል። ምን ሥርዓት አለው? የቪዲዮው ስክሪፕት ይህን ሁሉ አስተካከለው። ከጥቅሙ ሁሉ ትልቁ ደግሞ እናትየው መሀል ገብታ አለማቋረጧ ነው።

አንዱን እንየው። የተሰናዳው ለ2016 እንቁጣጣሽ ነው። ላኪዎቹ አሜሪካ ናቸው፤ ከተቀባዮቹ ግማሹ ሐይቅ ከተማ፣ ግማሹ አምባሰል፣ ከውጫሌ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ገጠር።

መክፈቻው ላይ ቤተሰቡ ቆሟል፣ ከጀርባው የሐይቅ ሐይቅ ተንጣሏል። ሳሎን ውስጥ አረንጓዴ ጨርቅ ተወጥሮ በኮምፒውተር የገባ ነው። ውኃውን በየማለዳው ከደጃቸው የሚያዩት ዘመዶች እንዳይረሱት ታስቦላቸዋል። ምስሉ ግራ ቀኙ በመገልበጡ ግን ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ከቦታው ነቅነቅ ያላለው የእስጢፋኖስ ገዳም ወደ ማዶ ተሻግሯል። ከሥር መሰንቆ ይሰማል፤ ቅኝቱ አምባሰል ነው፣ ለአምባሰል ሰው ሌላ ምን ይመጥናል? አያትየው በአንድ ጆሯቸው ብቻ የሚሰሙ በመሆናቸው የልጃቸው ንግግር በመሰንቆው ተውጦ ቀርቶባቸዋል።

ቀጥሎ የስም ጥሪ ነው። ስክሪፕት የሚያስፈልገውም እውነቱን ለመናገር ለዚህ ነው፤ አርባ ምናምን ሰው በቃል አይያዝም፣ አንድ አክስት ከተዘለለች ደግሞ ኩርፊያው እስከ ፋሲካ ይዘልቃል። አባወራው ዝርዝሩን ከካሜራው ሥር ለጥፎ ነው የሚያነበው፤ ዓይኑ በየስሙ ወደ ታች ይወርዳል። ዝርዝሩ ዓምና የተጻፈ ስለሆነ ክረምቱ ሲገባ ያረፉት አጎትም «ዕድሜና ጤና ይስጥልን» ተብለዋል። ወሎ ነውና የቤቱ ግማሽ ሙስሊም ነው፤ ስክሪፕቱ ይህንን ዘንግቶ «ለመላው የክርስትና እምነት ተከታይ ዘመዶቻችን» ይላል። ነገሩ የገባት ሚስት ከጎን ሆና «ኢንሻአላህ» ብላ አድናዋለች።

ከዚያ የልጆቹ ተራ ይመጣል። ትንሹ በእንግሊዝኛ ፊደል ከተጻፈለት ካርቶን ላይ እያነበበ አያቱን «እንዴት ነህ?» ይላቸዋል። እዚህ ላይ አልቀልድም፤ ከስምንቱ ደቂቃ ሰው የሚመስለው ይቺ ብቻ ናት። አባትየው ግን ተበላሸ ብሎ ስድስት ጊዜ አስደግሞታል።

አሁን ወደ መላኩ። ቪዲዮው የተቀረጸው በ4ኬ ነው። በዚህ ጥራት አንዱ ደቂቃ 170 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ስምንቱ ደቂቃ 1.3 ጊጋባይት ያልፋል። ጥራቱን ዝቅ አድርጎ በ720 መቅረጽ ሩብ ያህል ያደርገዋል። ዋትስአፕ ራሱም ቢተዉት ይጨምቀዋል። ግን የሶፋው ቀለም ይደበዝዛላ! ስለዚህ እንዳለ፣ በዶክዩመንት መልክ ተላከ። ወዴት? ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ወደነበረበት አማራ ክልል። የተላከበት ቀን ሴፕቴምበር 11 ነው። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበርና በዚያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ነበረች፤ እንቁጣጣሽም ሴፕቴምበር 12 ላይ ውላለች። እንኳን አደረሳችሁ የተባሉት ገና ሳይደርሱ ነው።

ፌስቡክ ላይ ግን ወዲያው ደርሷል። «ውይ ስታምሩ!»፣ «ሶፋው ከየት ነው?» የሚል አስተያየት ጎረፈ። ለአያትየውም ከሥሩ «የኔ እናት፣ ይህ ላንቺ ነው» ተብሎ ተጽፎላቸዋል። የእሳቸው ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። እንደነገሩ እየተቆራረጠ ይሠራ ነበር፤ የሚደውልላቸው ቢገኝ ለተቀባይ ደግሞ ሳንቲም አያስከፍልም።

ቪዲዮው አምባሰል የገባው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ለጉዳይ አዲስ አበባ የሄደ የአክስት ልጅ አውርዶ በሚሞሪ ይዞት መጣ። ቤተ ዘመዱ ቡና አፍልቶ በአንዲት ስልክ ዙሪያ ተሰበሰበ። አያትየው ሐይቁንም ሶፋውንም አላዩም፤ ልጃቸውን ብቻ ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩና «ከስቷል፤ አሞታል እንዴ?» አሉ። ስልኩን የያዘው ልጅ ወደ ኋላ መልሶ አሳያቸው። አሁንም «ከስቷል» አሉ። ጥያቄው በሰው በሰው አሜሪካ ደረሰ። ቤተሰቡ ተመካክሮበታል፤ መልሱ በገናው ቪዲዮ ላይ፣ ከስም ጥሪው በኋላ፣ እንዲካተት ተወስኗል።