ውዳሴ ፓይ ቻርት

ስለ ሰበታ፣ ስለ ቡራዩና ስለ ሱሉልታ የሕዝብ ቁጥር አሳይመንት የተሰጠው ተማሪ፣ ትንታኔውን ጨርሶ ወደ ስላይድ ሲሻገር መንገዱ አስቀድሞ ተጠርጎለታል። ከተሞቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስት ነገር ደግሞ ፓይ ቻርት እንዲሆን የተፈጠረ ነው። ክቡ ጠርዙ ይወፍራል፣ ጋደል ይላል፣ ጥላም ይጥላል። ከጎኑ ሙሉው ሰንጠረዥ ከነዲጂቶቹ ይለጠፋል፤ ከሥሩ ስምንት ነጥብ ይደረደራል፤ ከላይ «ውጤት» ተብሎ ይጻፋል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ምንም አለማንበቡ ጉድለት አይደለም፤ የሥራውን ጥልቀት ያስመሰክራል።

የክቡን ውለታ በቁጥር እንየው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ ሰበታ 49,331፣ ቡራዩ 48,876 ነዋሪዎች ነበሯቸው። ልዩነቱ 455 ሰው፣ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ነው። ዓይን የሁለት መስመሮችን ርዝመት ያለ ችግር ያወዳድራል፤ የሁለት ማዕዘኖችን ስፋት መለየት ግን ይቸግረዋል። ስለዚህ ከቁራጮቹ የትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ በላያቸው የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ግድ ይሆናል፤ ቁጥሩ ከተነበበ ደግሞ ክቡ ሥራ ፈታ። ጋደል ሲደረግማ ወደ ተመልካቹ የቀረበው ቁራጭ ይገዝፋልና፣ ትልቋን ከተማ የሚመርጠው ቆጠራው ሳይሆን ክቡ የዞረበት አቅጣጫ ነው። የሦስቱ ድምር የምን ሙሉ እንደሆነም አይጠየቅም። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ገብተዋል እንዳይባል፣ ሸገር ሌሎችንም ከተሞች ያቀፈ ነው።

ከክብ ወደ ባር ቻርት የተሸጋገረው የሠለጠነ ተማሪም የራሱ ብልሃት አለው። ሁለቱ ባሮች እኩል መስለው ሲያሳፍሩት፣ ቋሚውን መስመር ከዜሮ ሳይሆን ከ48,500 ያስጀምራል። ያኔ የሰበታ ባር 831፣ የቡራዩ ባር 376 ያህል ቁመት ይኖረዋል፤ ከመቶ አንድ የማይሞላው ልዩነት በአንድ ጠቅታ ከእጥፍ በላይ ሆነ። አንድም ቁጥር አልተቀየረም፤ ውሸቱ ያለው ከባሩ እግር ሥር ነው። ባር በርዝመቱ ስለሚናገር፣ እግሩ የተቆረጠ ባር የሚናገረው ሌላ ነገር ነው።

እነዚህን ጥበቦች የማያውቅ ምስኪን ግን ከስላይዱ በፊት ዓረፍተ ነገሩን ይጽፋል። የ1987ቱን ቆጠራ ከ1999ኙ ጎን ያስቀምጥና ሰበታ ከ14 ሺህ ገደማ፣ ቡራዩ ከ10 ሺህ ገደማ ተነሥተው ሁለቱም 49 ሺህ አካባቢ መድረሳቸውን ያያል። አንዷ ሦስት ዕጥፍ ተኩል፣ ሌላዋ አምስት ዕጥፍ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው አድጋለች። ስለዚህ ርዕሱ «ቡራዩ በአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሰበታን ደረሰችባት» ይሆናል። ግራፉንም ርዕሱ ይመርጥለታል፤ መልእክቱ በጊዜ ውስጥ የታየ ለውጥ ስለሆነ፣ ተራርቀው ተነሥተው የሚገናኙ ሁለት መስመሮች ይበቃሉ፤ ቁጥሩም ከየጫፋቸው ይጻፋል። ከሁለቱ እጅግ የምታንሰው ሱሉልታ በዚህ ስላይድ የምትለው ስለሌላት፣ የራሷን መልእክት ይዛ በራሷ ስላይድ ትመጣለች። ከ1999 ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደም፣ ከዚያ በኋላ የሚሳበው መስመር ትንበያ መሆኑ እንዲታወቅ በነጠብጣብ ይሰመራል።

«ሰንጠረዡን ካልለጠፍኩ መምህሩ ምን ሠራህ ይለኛል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት አለው፤ ሥራ መታየት አለበት። ሰንጠረዡ ግን በእጅ ተይዞ የሚነበብበት ሪፖርትና ከመጨረሻው ስላይድ ኋላ ያለ አባሪ አለው። «አንድ ስላይድ አንድ መልእክት ከተባለ ስላይዱ ይበዛል» የሚሉም አሉ። ይብዛ፤ አድማጭን የሚያደክመው የሚቆይበት ደቂቃ እንጂ የስላይድ ቁጥር አይደለም፤ ስምንት ነጥብ በአንድ ላይ ማጨቅም የማስረጃውን ደቂቃ አያሳጥርም።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው፦ ርዕሱ ድምዳሜ ከሆነ አቅራቢው ለአድማጭ ፈረደ ማለት ነው ይባላል። ፈርዷል፤ ግን ፍርዱን ከነማስረጃው አደባባይ አውጥቶታል። የከተሞቹ ወሰን በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ሰፍቶ እንደሆነ አንዱ ተነሥቶ ቢጠይቅ፣ ዕድገቱ የሰው ይሁን የካርታ መለየት ይኖርበታል፤ መልስ ካጣም ርዕሱን ያርማል። «ውጤት» የሚለው ርዕስ ግን እንዲህ ያለ ስጋት የለበትም። ምንም ስለማይል ማንም አያርመውም፤ አቅራቢውም ተጨብጭቦለት ይወርዳል።