ስለ ክርስትና ስም አሰጣጥና አጠፋፍ

የክርስትና ስም ማለት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅም በ80 ቀኗ ሲጠመቁ ካህኑ የሚሰጣቸው፣ ከዚያም ወዲያ ቤተ ዘመዱ ተባብሮ የሚረሳው ስም ነው። ወላጆች ዓለማዊውን ስም ለማውጣት ዘጠኝ ወር ሙሉ ሲከራከሩ ቢከርሙም፣ ለዚህኛው ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ዕለቱ ብቻ ነው፤ ጥምቀቱ በ12 ቢውል ሚካኤል፣ በ21 ቢውል ማርያም፣ በ27 ቢውል መድኃኔ ዓለም ይወሰድና ለወንዱ «ወልደ» ወይም «ገብረ»፣ ለሴቷ «ወለተ» ወይም «አመተ» ይቀደምለታል። ዕለቱን ትተው የደብራቸውን ታቦት የሚያስቀድሙ ቤቶችም አሉ፤ እነዚህ ለተመራማሪ አይመቹም።

ንጉሥ ተፈሪ መኰንን በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ኃይለ ሥላሴ የተባለውን የክርስትና ስማቸውን ለዓለም ሁሉ አሳወቁ፤ ተራው ሰው ግን መተተኛ እንዳያገኘው በመስጋት የራሱን ይሸሽጋል፤ ጥንቃቄውም እጅግ የሠመረ ከመሆኑ የተነሣ ከመተተኛው አስቀድሞ ባለቤቱ ራሱ ያጣዋል። በጽሑፍ ማኖርም ብዙ አያስተማምንም፤ በብራና የጸሎት መጻሕፍት የባለቤቱ ስም በየጸሎቱ መካከል ይገባልና፣ መጽሐፉ ሲሸጥ ገዢው የፊተኛውን ስም ፍቆ የራሱን ይተካበታል፤ አንዳንዱም በፋቂው ስንፍና ምክንያት በአንድ ገጽ ለሻጭ፣ በሌላው ለገዢ ምሕረት ይለምናል።

ስሙ አጥብቆ የሚፈለገው ባለቤቱ መናገር ባቆመ ጊዜ ነው። በአንድ ለቅሶ ቤት ካህኑ ለፍትሐት «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ እያለ ሲጠራቸው የኖረው የሟቿ ልጆች እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ የሟቿ የክርስትና እናትም ቀድመው አርፈዋል። አንዲት አሮጊት ግን ሟቿ በቅዱስ ዮሐንስ ማግሥት መወለዳቸውን ስላስታወሱ ስሌት ተጀመረ፦ መስከረም 2 አንድ ተብሎ ቢቆጠር 80ኛው ቀን ኅዳር 21 ይውላል፤ ስለዚህ ወለተ ማርያም። አንድ መምህር ግን ቆጠራው ከማግሥቱ መጀመር አለበት ብለው ኅዳር 22 አደረሱት፤ ወለተ ዑራኤል። አስከሬኑ ደጅ ወጥቶ ስለ ነበር ማርያም በድምፅ ብልጫ አለፈች።

በሦስተኛው ቀን የእድር ደብተር ሲፈለግ፣ ከደብተሩ ውስጥ ማኅተም ያለበት የክርስትና ካርድ ወደቀ፤ ወለተ ሥላሴ ይላል፤ የደብሩ ታቦት ሥላሴ ኖሯል። ታላቅ ልጃቸው የተጸለየው ለማን ነፍስ እንደ ሆነ ቢጨነቅ፣ አክስቱ «እግዜር እኮ ያውቃታል፣ ልጄ» አሉት፤ አጎቱ ግን ለጥንቃቄ ሲባል በአርባው ሦስቱም ስም እንዲጠራ አሳስበው፣ ካህኑም ለሦስት ነፍስ እንዳያስከፍሉ አስቀድሞ ይነገራቸው አሉ።