ዶላሩ አለቀ፣ ብሩ አላለቀም

ሰኔ በመጣ ቁጥር የሚያመኝ ነገር አለ። የሒሳብ ሰው ከሆናችሁ እናንተንም ያማችኋል። ዓመቱን ሙሉ በዶላርና በዩሮ የተገዛው ሁሉ በብር ብቻ እየተመዘገበ ይከርምና፣ መዝጊያው ሲደርስ «እስኪ ያቺን የምንዛሪ ልዩነት አስላልን» ይባላል። የአንድ ከሰዓት ሥራ ይመስል! ኦዲተሩ ደጅ ቆሟል፣ ባለቤቱ ትርፉን ለማወቅ ቸኩሏል፣ እኛ ደግሞ የትኛው ደረሰኝ በስንት ዶላር እንደነበር ለማወቅ የአሥር ወር ፋይል እንገለብጣለን።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። የውጭ አቅራቢ ዕዳ የዶላር ዕዳ ነው፤ መዝገባችን የሚያውቀው ግን ብር ነው። ስለዚህ ዕዳው በተፈጠረበት ቀን ተመን ወደ ብር መንዝረን እንይዘዋለን። የሒሳብ ዘመኑ ሲያልቅ ዕዳው ገና ካልተከፈለ፣ በመጨረሻዋ ቀን ተመን እንደገና እናሰላውና ልዩነቱን ትርፍና ኪሳራ ውስጥ እናስገባዋለን። ከውጭ ገዢ የምንሰበስበውም እንዲሁ ነው፤ ብር ሲዳከም ዕዳ ያለበት ይከስራል፣ ተሰብሳቢ ያለው ያተርፋል። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ ቁጥር 21 የሚለው ይህንኑ ነው።

ብሩ በዓመት ጥቂት ጥቂት እያለ ሲወርድ በነበረበት ዘመን ስህተታችን ሁሉ ተሸፍኖ ኖሯል። በአንድ ዶላር ሁለትና ሦስት ብር ብንሳሳት ኦዲተሩም ትንሽ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ግን፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ወደ 74 ብር አካባቢ ዘለለ፤ በሳምንታት ውስጥም መቶን አለፈ። ያን ጊዜ የተሸፈነው ሁሉ ተገለጠ።

እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። መለዋወጫ የሚያስመጣ ድርጅት ከውጭ አቅራቢው የ50,000 ዶላር ዕቃ በዱቤ ወሰደ፤ ዶላሩ 57 ብር ነበርና 2,850,000 ብር ዕዳ ተመዘገበ። በ2017 ዓ.ም. ውስጥ 20,000 ዶላሩን ከፈለ፤ የዚያን ቀን ተመኑ 120 ብር ነበር። ከባንክ የወጣው 2,400,000 ብር ነው። ያ 20,000 ዶላር በመዝገብ የተያዘው ግን በ1,140,000 ብር ነበር። ልዩነቱ፣ 1,260,000 ብር፣ በክፍያው ቀን የተፈጸመ ኪሳራ ነው፤ ገንዘቡ ወጥቶ አልቋል። ሰኔ 30 ሲደርስ ቀሪው 30,000 ዶላር ነው። የዕለቱ ተመን 135 ብር ነበር ብንል ዕዳው 4,050,000 ብር መሆን አለበት፤ መዝገቡ ላይ ያለው 1,710,000 ነው። እዚህ ላይ 2,340,000 ብር ገና ያልተፈጸመ ኪሳራ እንይዛለን፤ ኪሳራውን ዴቢት፣ የአቅራቢውን ተከፋይ ክሬዲት። በጠቅላላው 3,600,000 ብር። የከፈልነውን 2,400,000 እና የቀረብንን 4,050,000 ደምረን መጀመሪያ ከያዝነው 2,850,000 ብንቀንስ ያው 3,600,000 ይመጣል።

አሁን እሮሮዬን ስሙ። በዚያ ድርጅት ክፍያውን የመዘገበው ልጅ 2,400,000 ብሩን እንዳለ ከአቅራቢው ዕዳ ላይ ቀነሰው። ልጁን አልወቅስም፤ ማንም አላስተማረውም፣ የምንሠራበት ፕሮግራምም በብር እንጂ በዶላር አይዝም። ቫውቸሩ ላይ ስንት ዶላር እንደተከፈለ አልተጻፈም። መዝገቡ ላይ የቀረው 450,000 ብር ብቻ ነው። 30,000 ዶላር ያለበት ሰው 450,000 ብር ብቻ ዕዳ አለበት ተብሎ ተጻፈ ማለት ነው፤ ዶላሩ በ15 ብር ሒሳብ! ወር በወር ሲታይ «ዕዳችን እየቀለለ ነው» እየተባለ ሪፖርት ተደረገ። ዕዳው ሁሉ ተከፍሎ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የባሰ ይሆን ነበር፤ በዶላር ምንም የማንፈልገው አቅራቢ በብር ባለ ዕዳችን ሆኖ ይታይ ነበር። ዶላሩ አልቆ ብሩ ያላለቀ ሒሳብ ባያችሁ ቁጥር የምንዛሪው ልዩነት እንዳልተያዘ እወቁ። መፈተኛውም ቀላል ነው፦ የዶላሩን ቀሪ በመዝጊያው ቀን ተመን አባዙት፤ መዝገቡ ላይ ካለው ብር ጋር እኩል ካልመጣ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ሁለተኛው ሕመም በየወሩ በሚዘጉ ድርጅቶች ውስጥ ነው። ሰኔ ላይ 30,000 ዶላሩን ወደ 135 ብር ካመጣነው በኋላ፣ የሐምሌ ልዩነት የሚሰላው ከ135 ተነስቶ ነው። ግን ኤክሴሉን የሠራው ሰው የመጀመሪያዋን 57 ብር እዚያው ትቷታልና፣ ሐምሌም ነሐሴም ከ57 ይነሳል። ያው ኪሳራ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ይመዘገባል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ያልተፈጸመውን ልዩነት በቀጣዩ ወር መጀመሪያ ይገለብጠውና እንደ አዲስ ከ57 ያሰላል፤ ይህም ትክክል ነው፣ በወጥነት ከተያዘ። ጥፋቱ የሚመጣው አንዱ ወር ሲገለበጥ ሌላው ሳይገለበጥ ሲቀር፣ ሠራተኛው ሲለቅና ተተኪው የትኛው መንገድ እንደነበር ሳይነገረው ሲቀር ነው። ስንት ሌሊት አድሬበታለሁ! ያንን ለመፍታት ከመጀመሪያዋ ደረሰኝ ጀምሮ አንድ በአንድ መቁጠር እንጂ አቋራጭ የለውም።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የቅድሚያ ክፍያ ነገር ነው። ለውጭ አቅራቢ ዕቃው ሳይመጣ የተላከ ገንዘብ በብዙ ድርጅት ከተሰብሳቢ ሒሳብ ጋር አንድ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ሰኔ 30 ላይ «ተሰብሳቢ ነው» ተብሎ አብሮ ይተመናል። በ57 ብር የተላከ 40,000 ዶላር 2,280,000 ብር ነበር፤ በ135 ሲተመን 5,400,000 ሆኖ ቁጭ ይላል። 3,120,000 ብር ትርፍ ከሰማይ ወረደ! ባለቤቱ ደስ ይለዋል፣ የትርፍ ድርሻ ይታሰባል፣ ኦዲተሩ ይመጣና ይሰርዘዋል፤ የሚወቀሰው ግን የሒሳብ ክፍሉ ነው። እውነቱ ይህ ነው፦ ያ ገንዘብ ተመልሶ ዶላር ሆኖ አይመጣም፣ ዕቃ ሆኖ ነው የሚመጣው። ዕቃ የምንጠብቅበት ሒሳብ በተላከበት ቀን ተመን ይቀመጣል፣ አይነካም፤ ዕቃው ሲገባም ቅድሚያ በተከፈለበት ልክ ዋጋው የሚያዘው በዚያው ተመን ነው። መጋዘን ያለውን ዕቃና ማሽኑንም እንዲሁ በመዝጊያ ተመን አንተምነውም። አቅራቢው ውሉን አፍርሶ ገንዘቡን ሊመልስ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ የምንጠብቀው ገንዘብ ነውና ይተመናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀሪ ሒሳብ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የሚመጣው ወይም የሚሄደው ገንዘብ ነው ወይስ ዕቃ?

ሐምሌ 22ን እንደገና ላንሳው። የ2016 መዝገብ ሰኔ 30 ቢያልቅም በብዙ ቤት ገና አልተዘጋም ነበር። አንድ ሥራ አስኪያጅ ጠሩኝና «መዝገቡ እኮ ክፍት ነው፣ ዕዳውን በአዲሱ ተመን አስተካክለህ ኪሳራውን በአሮጌው ዓመት ጨርሰው» አሉኝ። «ጋሼ፣ አይሆንም፤ ሰኔ 30 ማታ ዶላሩ የነበረው በአሮጌው ተመን ነው፣ የሚሠራውም እሱ ነው» አልኳቸው። ተቆጡ። ሆኖም ስለ ድኅረ መዝጊያ ክስተቶች የሚናገረው ደረጃ ቁጥር 10 ከመዝጊያ ቀን በኋላ የመጣን ከባድ የምንዛሪ ለውጥ ስም ጠርቶ ያነሳዋል፤ ሒሳቡን አያስተካክሉበትም፣ ከባድ ከሆነ በማብራሪያ ይጽፉታል። እኛም ጻፍነው፦ ይህን ያህል ዶላር ዕዳ አለብን፣ ተመኑ ከመዝጊያው 22 ቀን በኋላ እንዲህ ተለውጧል፣ በ2017 የሚያመጣው ኪሳራ በግምት ይህን ያህል ነው። ኪሳራው የ2017 ነው፣ የተመዘገበውም በ2017 ነው። ይህን ለማስረዳት የሄደብኝን ጊዜ ሳስበው ዛሬም ይደክመኛል።

ስለ ተመኑ ራሱም አለ የምለው። ዛሬ እያንዳንዱ ባንክ የራሱ መግዣና መሸጫ አለው፤ የብሔራዊ ባንክም አመላካች ተመን አለ። አንዱ ሒሳብ ሠራተኛ የዚህን ባንክ መግዣ፣ ሌላው የዚያን መሸጫ ይወስዳል፤ በዚሁ ምክንያት ብቻ በሁለት እህት ድርጅቶች መካከል ያለ ሒሳብ አልገጥም ይላል። እኔ የማምንበት ይህ ነው፦ ዕዳ ለመክፈል ዶላር የምንገዛው ባንኩ በሚሸጥበት ዋጋ ነውና ዕዳው በመሸጫ ይተመን፤ የምንሰበስበውን የምንሸጠው ባንኩ በሚገዛበት ነውና ተሰብሳቢው በመግዣ። የትኛውም ይመረጥ፣ በጽሑፍ ይወሰንና በየዓመቱ አይቀያየር። ቀኑ እሑድ ሲውልም፣ እንደ ሰኔ 30 ቀን 2016፣ የሰኞን ተመን መውሰድ አይገባም፤ ከዚያ በፊት የወጣው የመጨረሻው ነው የሚያዘው።

እንግዲህ ለግዢ ክፍሎችም፣ ለገንዘብ ያዦችም፣ ለአለቆቻችንም የምለምነው ይህን ነው። ቫውቸር ስታዘጋጁ ከብሩ አጠገብ የዶላሩን መጠንና ተመኑን ጻፉልን። የቅድሚያ ክፍያን ከተሰብሳቢው ለይታችሁ በራሱ ሒሳብ አኑሩት። ሰኔ 30 ምሽትም የባንኩን የተመን ወረቀት አትማችሁ ፋይሉ ላይ አያይዙት፤ ነሐሴ ላይ ኦዲተሩ መጀመሪያ የሚጠይቀን እሱን ነው።