መመሪያ ነው

ከሁሉም የእንግዳ መቀበያ ቃላት የምወደው «መመሪያ ነው» የሚለውን ነው። አጭር ነው፤ ጥያቄውን ባይመልስም ጠያቂውን ዝም ያሰኛል።

ባለፈው ክረምት አሰላ፣ ስሙን በማልጠራው ሆቴል ቁልፍ ስጠብቅ ይህን ጥበብ በዓይኔ አየሁ። ከፊቴ የቆመው ፈረንጅ ሯጭ ነው፤ በማግስቱ የእነ ቀነኒሳና ጥሩነሽ አገር በቆጂ ሊሄድ። ፓስፖርቱን ሲጠየቅ «ኮፒው ለምን ያስፈልጋል?» አለ፤ ተረጎምኩለት። «መመሪያ ነው በሉልኝ ጋሼ» አለች ልጅቷ። «ምን ይላል መመሪያው?» ስላት «ኮፒ ይላላ!» አለችኝ።

መብራት ስለሌለ ፓስፖርቱ በአንድ ልጅ እጅ፣ በዝናብ፣ ጀነሬተር ወዳለው ኮፒ ቤት ተላከ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ኮፒው መጣ፤ የሽፋኑ! ለሁለተኛ ጊዜ ተልኮ ፎቶ ያለበት ገጽ ተነሣ። ፊቱ ከሰል መስሏል፣ ቁጥሩም በጥቁሩ ውስጥ ሰጥሟል። ኮፒ ግን ኮፒ ነው፤ ፋይል ገባ።

ቀጥሎ ቅጹ መጣ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሰውየው ታዛዥ ነውና የአያቱን ስም ጻፈ። አያቱ ነፍሱን ይማረው፣ ፓስፖርቱ ላይ የለም። ፓስፖርቱ ላይ ያለው የቤተሰቡ ስም ደግሞ ቅጹ ላይ ቦታ አጣ። ነገ ፖሊስ ያንን ሰው ቢፈልግ መዝገቡ የሚያሳየው በዓለም ላይ የሌለ እንግዳ ነው። እንዲህ ነው ጥብቅ ቁጥጥር!

ጠዋት ከደጃፉ ቆሎ ገዛሁ። መጠቅለያውን ስፈታው የማላውቀው ሰው ፊት አየኝ፤ ፎቶው ጥርት ያለ፣ የፓስፖርት ቁጥሩ ፍንትው ያለ። ለካ ጥሩ ኮፒም ይነሣል! ፋይል የሚገባው ሌላ፣ ቆሎ የሚጠቀለልበት ሌላ ሆኖ ነው እንጂ።

ምዝገባውን የሚጠላ የለም። ሌሊት እሳት ቢነሣ በየክፍሉ ማን እንዳለ ይታወቅበታል፤ እንግዳ ቢታመም ዘመዱና ኤምባሲው ይፈለጉበታል፤ ወንጀል ቢፈጸም ፖሊስ ይጠይቅበታል። ይህን ለማለት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ቁጥሩን ከፓስፖርቱ ላይ አይቶ በጥንቃቄ መጻፍ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ስሙንም እንግዳው እንደነገረን ሳይሆን ፓስፖርቱ እንደሚለው። ኮፒ ከተነሣም ባለቤቱ ፊት ይነሣ፣ ቁልፍ ባለው መሳቢያ ይቀመጥ፣ ጊዜው ሲያልፍ ይቀደድ።

ደግሞ መመሪያ ለሚወዱ ከመመሪያ የሚበልጥ አለ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። የሰው መረጃ ሲሰበሰብ ለምን እንደሆነ ይነገረው፣ ከተሰበሰበም በኋላ ይጠበቅ ይላል። ስለ ቆሎ ምንም አይልም።