ሞካ በጀበና ሕግ

ቡናን ለዓለም የሰጠን እኛ ነን። እንግዲህ ጣሊያናዊው አልፎንሶ ቢያሌቲ እ.ኤ.አ. በ1933 ላወጣት ባለ ስምንት ማዕዘን የአሉሚኒየም ዕቃ ቁጭ ብሎ መመሪያ ማንበብ ምን ይባላል? ጀበና ሲንተከተክ እየሰማ ያደገን ሰው ሞካ ፖት ልታስቸግረው ነው? ማስረጃው በየቤቱ አለ፤ ሬት ሬት የሚል ቡና፣ ቡናማ ጠቃጠቆ የሞላው ምድጃ፣ የቀለጠ እጀታ።

እኒህ የጀበና ሊቃችን ሥራቸውን የሚጀምሩት ከውሃው ነው። በታችኛው ክፍል ጎን ላይ ትንሽ ቫልቭ አለች፤ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ እንፋሎቱን እንድታስተነፍስ የተቀመጠች ናት። እሳቸው ግን ለጌጥ የተለጠፈች ይመስል ያሰጥሟታል፤ እንግዳ ቢመጣስ? ሞካ እንግዳ አታውቅም። ውሃው ከቫልቭዋ ዝቅ ብሎ መቆም አለበት፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ከላዩ ባለው ባዶ ቦታ የታመቀው አየርና እንፋሎት ነውና። ቦታው ከጠፋ ወንፊቱ ገና ሲገባ ውሃው በቱቦው ወጥቶ ቡናውን ያረጥበዋል፤ ቫልቭዋም ስትከፈት በእንፋሎት ፋንታ የፈላ ውሃ ትተፋለች።

ቀጥሎ ቡናው። ለጀበና የተፈጨ ዱቄት ቤት ውስጥ እያለ ሌላ ማስፈጨት ብክነት ነውና ያው ዱቄት ይመጣል። በጀበና የላመው ቡና ከታች ይዘቅጣል፤ በሞካ ግን ውሃው ሰንጥቆት ማለፍ አለበት። ሊቃችን ይከምሩታል፤ ወፍራም ቡና ስለሚወዱም በማንኪያ ጀርባ ይጠቀጥቁታል። ውሃው መውጫ ሲያጣ በዕቃዋ ወገብ በኩል እየተፍለቀለቀ ያመልጣል። ያን ጊዜ ጥፋተኛዋ ዕቃዋ ናት፤ «የቻይና ነው» ይባላል።

የሦስት ሲኒዋ ሞካ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃና 15 ግራም ገደማ ቡና ትይዛለች። ቡናው ለኤስፕሬሶ ከሚፈጨው ሻከር ብሎ፣ በጣት ሲታሽ ቅንጣቱ የሚታወቅ ይሁን። ወንፊቱን እስከ ጠርዙ ይሞሉና ጎኑን መታ መታ አድርገው በጣት ያስተካክሉታል፤ አይጫኑትም። ጠርዙ ላይ የቀረውን መጥረግ ግን ግድ ነው፤ ጥቂት ዱቄት ብቻ ጎማው እንዳይገጥም ያደርግና እንፋሎቱ በዚያው ይሾልካል። «ለብቻዬ ነኝ» ብሎ ወንፊቱን በግማሽ መሙላትም አያዋጣም፤ ውሃው ክፍተት ፈልጎ ቡናውን በቅጡ ሳይነካው ያልፋል።

እሳቱ ላይ ስንደርስ ሊቃችን እውነተኛ ችሎታቸውን ያሳያሉ። ቡታጋዙ እስከ መጨረሻው ይከፈታል፣ ነበልባሉ የዕቃዋን ጎን ይልሳል፣ እጀታው መሽተት ይጀምራል። ውሃው ሳይነካው ቡናው በወንፊቱ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ይቆላል። ከዚያ ክርርር፣ ጷ ጷ እያለ ቡናው በየአቅጣጫው ይረጫል፤ ሊቃችንም «አሁን ገነፈለ!» ብለው ደስ ይላቸዋል። ጀበና ሲገነፍል ነው እንጂ መቼ ይደርሳል?

ችግሩ ያ ድምፅ የቡናው መድረስ ሳይሆን የውሃው ማለቅ ነው። ውሃው ከቱቦው ጫፍ በታች ሲወርድ በቱቦው የሚገፋ ውሃ ስለሚጠፋ፣ ትኩሱ እንፋሎት ጣዕሙ ያለቀበትን አተላ እየሰነጠቀ ያልፋል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ምሬት ብቻ ነው፤ ሊቃችን ግን አንዲት ጠብታ እንዳትቀር ይጠብቃሉ።

መመሪያ የሚያነቡት ምስኪኖች እንዲህ ያደርጋሉ። ቡናው ምድጃ ላይ ብዙ እንዳይቆይ ከታች ትኩስ ውሃ ይሞላሉ፤ ሲያጠብቁ የታችኛውን ክፍል በፎጣ ይይዛሉ። ነበልባሉን ከዕቃዋ ግርጌ እንዳይሰፋ ዝቅ አድርገው፣ ክዳኑን ከፍተው ያያሉ። መጀመሪያ ጥቁር ቀጭን ፈሳሽ ቀስ እያለ ይወጣል፤ እየቆየ ይነጣል። ቀለሙ ማር ማር ሲል፣ መንፈቅፈቁ ሊጀምር ሲል ያወርዷትና ግርጌዋን በእርጥብ ፎጣ ወይም በቧንቧ ውሃ ያቀዘቅዛሉ። ከታች ትንሽ ውሃ ይቀራል፤ መቅረትም አለበት።

ገና ከመጀመሪያው የምትረጭ ከሆነ እሳቱ በዝቷል። ደቂቃዎች አልፈው ምንም ሳይወጣ ወገቧ ላይ ፉጨት ከተሰማ ቡናው ልሟል ወይም ተጠቅጥቋል፤ ካልሆነ በደንብ አልጠበቀችም ወይም ጎማዋ አርጅቷል። በትኩሱ ግን መፍታት አይገባም፤ ከእሳት አውርዶ በቀዝቃዛ ውሃ ማብረድ ይቀድማል።

ሊቃችን ይህንን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አተላውን ሳይደፉ ታችኛውን እንደገና ውሃ ሞልተው «አሁን ደግሞ ቶናው» አሉ። ሞካ ያላት አቦል ብቻ ነው፤ ሁለተኛ የፈለገ አተላውን ይድፋ፣ ያለቅልቃት፣ ሌላ ቡና ይጨምር። በረካውን የሚፈልግም ጀበናውን ያውርድ።