ከ2-6

መልእክቱ አጭር ነበር፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ዕቃዎ ነገ ከ2-6 ይደርሳል።» ዕቃው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። እኔም ከመሥሪያ ቤት ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቄ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በረንዳዬን ተደግፌ ቆምኩ። ሞተር በጮኸ ቁጥር አንገቴን ሳሰግግ አንዲት ጎረቤቴ ከታች አይተውኝ «ልጄ፣ እንግዳ አለብህ እንዴ?» አሉኝ። ምጣድ እየጠበቅኩ ነው ማለት አፈርኩና «አዎ» አልኳቸው።

6 ሰዓት ሞላ። ተስፋ ቆርጬ ሥራ ገባሁ። 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ።

«ጌታው፣ በር ላይ ነኝ።»

«ከ2 እስከ 6 አላላችሁም?»

«አዎ፤ ገና 3 ሰዓት ነው እኮ!»

ልጁ አልዋሸም። ስልኩ 3:00 ይላል። የድርጅቱ ፕሮግራም ከውጭ የመጣ ነው፤ ቃሉን ተርጉመውታል፣ ሰዓቱን ግን እንደ ፈረንጅ ትተውታል።

ይህን ብሶቴን ለእህቴ ልጅ ስነግረው ሳቀና ሥራ ሰጠኝ። እሱም ለቡ አካባቢ ሦስት ሞተር ይዞ ዕቃ ያደርሳል። «ጋሼ፣ አንተ ጸሐፊ አይደለህ? የኛን ቴክስት ጻፍልን» አለኝ። ደስ ብሎኝ ጀመርኩ፦ «ክቡር ደንበኛችን ሆይ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።» ልጁ ፊደሉን ቆጠረ። «ጋሼ፣ 42 ጨረስክ» አለኝ። ለካ በላቲን ፊደል አንድ ቴክስት 160 ሲይዝ፣ በግእዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታውም አራት ነጥቡም ይቆጠራል። ከ70 ሲያልፍ ይከፈልና እንደ ሁለት ይከፈልበታል። ሰላምታዬ የሰው ገንዘብ እየበላ ነው ማለት ነው።

ሰላምታውን ሠረዝኩ። ቀጥሎ «ነገ»ን ሠረዝኩ። መብራት ጠፍቶ ስልኩ ከተዘጋ ማክሰኞ የተላከ ቴክስት ረቡዕ ጠዋት ይገባል፤ የዚያን ጊዜ «ነገ» ማን ናት? የቀኑ ስም ይሻላል። ለሰዓቱ «ከጠዋቱ 3 እስከ 5» አልኩ። በፈረንጅ ቢነበብ እንኳ በሌሊቱ ምጣድ የሚያመጣ የለምና አያምታታም። ከምሳ በኋላ ያለውን ዙር ደግሞ «ከሰዓት በኋላ 8 እስከ 10» አልነው። አራት ሰዓት ሙሉ ሰው በረንዳ ላይ ከማቆም ሁለት ሰዓት ይበቃል።

የከበደኝ ቤት ለማይኖር ሰው ምን እንበል የሚለው ነበር። እንዲህ አልኩ፦

«ሐሙስ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ዕቃዎን እናመጣለን። ከሌሉ 1 ይላኩ፤ ዓርብ በዚሁ ሰዓት ይመጣል። ለጥበቃ ይሰጥ፦ 2»

ልጁ ቆጠረ፤ ልክ 70! እንደ ቅኔ ዘራፊ ኮራሁ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ብሩን የምንቀበለው ዕቃው ሲደርስ ነው። ጥበቃው ከኪሱ ሊከፍልልህ ነው?» 2 ተሠረዘች። «ደግሞ መልሱን የት ነው የሚልኩት?» አለኝ። እስከዚያ ቴክስታቸው የሚወጣው በድርጅቱ ስም ነበር፤ በስም ለመጣ ቴክስት ግን መልስ አይላክም፤ ደንበኛው 1 ቢልም የሚደርስበት የለም። መልስ የሚቀበል አጭር ቁጥር አወጡ። ቁጥር ብቻ ሲያይ ደግሞ ሰው አጭበርባሪ ነው ብሎ ይሰርዘዋል። ስለዚህ ጥበቃው በለቀቀው ቦታ የድርጅቱ ስም ከፊት ገባ። እንደ እድል ስሙ አምስት ፊደል ነው፤ ሁለት ነጥቡና ክፍት ቦታው ተጨምሮ 65 ላይ ቆምን።

በ1886 ዓ.ም. በምኒልክ ዘመን በተቋቋመው ፖስታ ቤታችን አሠራር ይህ ሁሉ ጣጣ የለም ብዬ ልጁን ላናድደው ሞከርኩ፤ ዕቃህ ሣጥንህ ውስጥ ይጠብቅሃል፣ አንተ በተመቸህ ሰዓት ትሄዳለህ። «ምጣድ ሣጥን ውስጥ ይገባል?» ብሎ ዘጋኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት ከመጡት መልሶች አንዱ «ልጄ ቄራ ነኝ ስመለስ እደውላለሁ» ይላል፣ ሌላው «አሜን»፣ የቀሩት አብዛኞቹ «እሺ»። እሺ ምን? እሺ አለሁ ነው ወይስ እሺ ዓርብ አምጡልኝ? ልጁ ለእያንዳንዱ «እሺ» መደወል ሆነ ሥራው። አሁን ደንቡ ይኸው ነው፦ መልስ ያልላከ አለ ማለት ነው፤ 1 የላከ «እሺ፤ ዓርብ ከጠዋቱ 3 እስከ 5» የሚል ማረጋገጫ ይደርሰዋል፤ ሌላ ነገር የጻፈ ይደወልለታል። 1 የምትላከው ሞተሮቹ ከመጫናቸው በፊት፣ ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ ይህቺን ግን ቴክስቱ ውስጥ ማስገባት ረስተናል፤ የቀሩን አምስት ፊደል ናቸው።

እባካችሁ፣ ጀሞም ለቡም ያላችሁ፣ ቤት ከሌላችሁ በጊዜ 1 ብቻ ላኩ። እሺ አትበሉ።