«ያው ማግኒዚየም ነው»

ከቦሌ እስከ አያት የምንኖር ሰዎች ማግኒዚየም የምናገኘው ወይ ከአሜሪካ ከመጣ ዘመድ ሻንጣ፣ ወይ ከሰፈር ፋርማሲ ነው። በሁለቱም በኩል የሚነገረን አንድ ቃል ነው፦ «ያው ነው»። ሰለቸን እኮ!

አክስቴ ያመጣችልኝ ግላይሲኔት አለቀና ፋርማሲ ገባሁ። ልጁ ኦክሳይድ አወጣልኝ። «ያው ነው፤ እንዲያውም ይሄ 500 ሚሊግራም ነው» አለኝ። ቁጥሩ አልዋሸም። ከኦክሳይድ ክብደት 60 በመቶው ማግኒዚየም ስለሆነ 500ው ውስጥ 300 ሚሊግራም አለ። ግላይሲኔት ቢሆን 500ው ውስጥ 70 ገደማ ብቻ ነበር፤ የቀረው ማግኒዚየሙን ያቀፈው ግላይሲን ነው። ስለዚህ ከጠርሙሱ ፊት ያለው ትልቅ ቁጥር የውህዱ ይሁን የማግኒዚየሙ፣ ጀርባውን አዙሮ ማየት ግድ ነው። ግን ማን መነጽር ይዞ ፋርማሲ ይሄዳል?

ችግሩ ኦክሳይድ ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው አንጀት ውስጥ ተቀምጦ ውሃ ይስባል። እኔ የዋጥኩት ደግሞ የውሃ ፈረቃችን ባልሆነበት ቀን፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ጀሪካን ብቻ ይዤ ነበር። ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ።

ጎረቤቴ እትዬ ግን ሲትሬት ወስደው «እንቅልፍ ሰጠኝ» ይላሉ። ሲትሬት ከኦክሳይድ የተሻለ ወደ ደም ይገባል፤ ሆኖም እሱም ሆድ ያላላል። እትዬ ሳምንት ሙሉ ሆድ ድርቀት ይዟቸው ነበር፤ እኔን ብትጠይቁኝ ያስተኛቸው ሆዳቸው መቅለሉ ነው። ግላይሲኔት ለሆድ የዋህ ነው፤ ያስተኛል ለማለት ግን ማስረጃው ገና ስስ ነው።

የባት መኮማተሩማ ይብሳል። አባቴ ሌሊት ባታቸውን ጨብጦ ያስጮኻቸዋል፤ የጎበኛቸው ሁሉ «ማግኒዚየም ስጧቸው» ብሎ ይወጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ የእስራኤል ጥናት 94 ሰዎች ተከፍለው ግማሹ ኦክሳይድ፣ ግማሹ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ለአራት ሳምንት ወሰዱ። በሁለቱም ወገን መኮማተሩ በሳምንት ሦስት ጊዜ ያህል ቀነሰ፤ ክኒኑ ከባዶው አልበለጠም። አባቴን የሚያስታግሳቸው ጉልበታቸውን ዘርግቼ የእግራቸውን ጣቶች ወደ ቅልጥማቸው ስስብላቸው ነው። ይሄ ግን ጠርሙስ ስለሌለው ማንም አይመክረውም።

መጠየቅ የሚገባው ደግሞ አይጠየቅም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ማግኒዚየሙን ማስወጣት ያቅተውና ደሙ ውስጥ ይከማቻል፤ ያ ለልብም ለትንፋሽም አደገኛ ነው። «ኩላሊትህ ደህና ነው?» ያለኝ አንድም ሰው የለም። «በካርድ ነው በካሽ?» ብቻ።

ትናንት አክስቴ ከዳላስ ደወለች። «ግላይሲኔት አልኩሽ እኮ» አልኳት። «አጣሁት፤ ኦክሳይድ በቅናሽ አገኘሁና ትልቁን ጠርሙስ ገዛሁልህ። ያው ነው አሉኝ።»